ዝግ የመሰለው በር

ዶኛ ዴልፊና አራምቢዴ ቤታቸውን የገዙት በዶሮ ነው። እንዲህ ሲባሉ አይከፋቸውም፤ እንዲያውም ወሬውን የሚያወሩት ራሳቸው ናቸው። ባላቸው ልጅ አስታቅፏቸው በጊዜ ሞተ፤ እሳቸው ጎህ ሳይቀድ እየተነሱ በአባስቶ ገበያ ዶሮ ሲያርዱ፣ ሲነጩና ሲሸጡ ኖረው አልማግሮ ሠፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በስማቸው አደረጉ። በቦነስ አይረስ በስሙ ቤት ያለው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው። የዶኛ ዴልፊና አንገት ደግሞ ድሮም ቀና ያለ ነበር፤ ቤቱ ሲጨመርበት ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ሕንፃው አሮጌ ነው፤ ሊፍት የለውም። የመንገዱ በር ግን የድሮ ሰው የሠራው፣ ብረትና ወፍራም መስታወት፣ ሁለት ሰው የማያነሳው በር ነው። የነሐስ እጀታውን የሕንፃው ጠባቂ ኢሳቤሊኖ ኦሄዳ በየማለዳው በጨርቅ ይወለውላል። ኢሳቤሊኖ የኮሪየንቴስ አገር ሰው ነው፤ ምድር ቤት ከጓሮ በኩል ይኖራል፤ በሩን «በሬ» እያለ ነው የሚጠራው። «በእኔ በር ሌባ ገብቶ አያውቅም» ሳይል የሚውልበት ቀን የለም። ደግሞም እውነቱን ነበር፤ እስከዚያ ድረስ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ሰውዬ ነው። ሠፈሩ ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት ዶኛ ዴልፊና ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ የማያውቁት ጎልማሳ ተቀምጦ ያገኙታል። ማንን ፈልገህ ነው ቢሉት ተነሣና ሳይመልስ ወረደ። በሩ ከውስጥም ያለ ቁልፍ ስለማይከፈት እዚያው ታግዶ ይቀራል ብለው ሲያስቡ፣ ከውጭ የምትገባ አንዲት ተከራይ ከፍታለት አመስግኗት ወጣ። የሰው እንግዳ መሰላት። ዶኛ ዴልፊና ለኢሳቤሊኖ ነገሩት። ኢሳቤሊኖ ሳቀ። ያለ ቁልፍ እንዴት ይገባል? በመስኮት በርሮ?

ልጃቸው ፋብሪሲዮ ግን አልሳቀም፤ ያ ነው የባሰው። ሃምሳ ያለፈው፣ የተከበረ፣ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ከዚያ በፊት እናቱ ሻይ ጥደው ረስተው ማንቆርቆሪያው አርሮ ያውቃል፤ አሁን ደግሞ ከእሳቸው ሌላ ማንም ያልጠረጠረው ሰውዬ መጣ። ፋብሪሲዮ ሁለቱን ደመረና እናቱ እየደከመች ነው ብሎ ቆረጠ። እሱ በሚኖርበት ኪልሜስ አንድ ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ አለ፤ ደረጃ የለበትም፤ ነርስ አለ፤ የአትክልት ቦታ አለ። ቤቱ ይሸጥና እዚያ ትግባ አለ። አንድ ቀን ዶኛ ዴልፊና ፀጉር ቤት ሄደው ሲመለሱ ልጃቸው በራሱ ቁልፍ ደላላ አስገብቶ ሳሎናቸውን በሜትር ሲያስለካ ደረሱ። ደላላው «መልካም ብርሃን አለው» አላቸው።

እሳቸውም ለደላላው መውጫውን አሳዩትና ልጃቸውን እስኪያቀረቅር ድረስ አፍጥጠው አዩት።

ፋብሪሲዮ ግን የእናቱ ልጅ ነው፤ አልተመለሰም። የሕንፃው ባለቤቶች ስብሰባ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ እስከዚያ አስቢበት፤ ሌላ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ግን እኔ ዳግመኛ አልጠይቅሽም፤ ሐኪም ጋ ወስጄ አስወስናለሁ አላቸው። ሳይጮህ ነው የተናገረው። ዶኛ ዴልፊና ከጩኸት ይልቅ የፈሩት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በዚያው ሳምንት ነው በሩ የተከፈተው። ከአትክልት ቤት ሲመለሱ ሁለት እጃቸው ሙሉ ነው። ቁልፍ ሊያወጡ ከረጢቱን ሳያስቀምጡ ትከሻቸውን በሩ ላይ ደገፍ ቢያደርጉ፣ ያ ሁሉ ብረት ያለ ምንም ድምፅ ወደ ውስጥ ተከፈተ። ሊወድቁ ነበር። ደረጃው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ትዝ አላቸው፤ ልባቸው ዘለለ። ከዚያ ደግሞ ደስ አላቸው፤ ነገርዬው ቅዠት አልነበረማ!

«ኢሳቤሊኖ! በሩ ያለ ቁልፍ ተከፈተ። አስቸኳይ ሠራተኛ ጥራ» አሉት።

ኢሳቤሊኖ የማቴ ሻዩን እንደያዘ ወጣ። በሩን ዘጋው፤ ገፋው፤ በትከሻው ገጨው፤ በእግሩም መታው። አልነቃነቅም አለ። እንደ ተራራ ነው የቆመው። እስኪ ድጋሚ ብለው እሳቸውም ገፉት፤ ወይ ፍንክች። «ዶኛ ዴልፊና» አለ ኢሳቤሊኖ፣ ድምፁን ለሕፃን እንደሚያወራ አለስልሶ፣ «ሰው ሲወጣ ሳይዘጋው ቀርቶ ይሆናል። በሬ ደህና ነው።» በጥፊ ቢመቷቸው ይሻላቸው ነበር።

እሳቸው ግን ዝም ብለው የሚተዉ ሴት አይደሉም። የሕንፃውን ጉዳይ የሚያስተዳድረውን ሴኞር ኢቱራልዴን በስልክ ነገሩት፤ ቀጥለው በጽሑፍ ላኩለት፤ የመንገዱ በር ያለ ቁልፍ ይከፈታል፣ እንግዳ ሰው ገብቶ ታይቷል፣ ዛሬውኑ ይጠገን ብለው። እውነት ለመናገር ሰውዬው ቁልፍ ሠሪ ልኳል። ቁልፍ ሠሪው መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ገፋ፣ ዘይት ጨመረ፣ ምንም የለውም ብሎ ሄደ። ኢቱራልዴም ለፋብሪሲዮ ደውሎ እናትዎን አይዞዎት ይበሉልኝ አለው። ለሳቸው ሳይሆን ለልጃቸው!

ቅዳሜ ጠዋት ዶኛ ዴልፊና ቡናቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ወረዱና ከመንገዱ ማዶ፣ ጋዜጣና ከረሜላ ከሚሸጥበት ኪዮስክ አጠገብ ወንበር ለምነው ተቀመጡ። ባለ ኪዮስኩ ማንን ነው የሚጠብቁት ሲላቸው ወደ ሕንፃው እያመለከቱ «በሬን» አሉ። በገበያ ሲኖሩ የተማሩት አንድ ነገር ነው፤ ዶሮ የምትጠፋብህ ስታያት አይደለም፤ ስለዚህ ማየት ነው።

አዩ። ተከራዮች በቁልፍ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። አንዱ እንግዳ ደወለ፤ ከላይ ያለ ሰው ከቤቱ ሆኖ በሩን በኤሌክትሪክ የሚከፍተውን መጫኛ ተጫነ፤ በሩ ዝዝዝ አለ፤ እንግዳው ገፍቶ ገባና በሩ ከኋላው ድው ብሎ ተዘጋ። ሄደው ቢገፉት ዝግ ነው። ተመልሰው ተቀመጡ። ፀሐይዋ በረታች። ባለ ኪዮስኩ ውሃ ሰጣቸው። ልጃቸው ይህን ቢያይ ምን እንደሚል አሰቡና ከንፈራቸውን ነከሱ።

ከዚያ የፒዛ ቤት ማስታወቂያ የሚበትነው ልጅ መጣ። የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጉድ ነው፦ እነዚህ ልጆች አንዱን ደወል አይመርጡም፤ መዳፋቸውን ከላይ እስከ ታች ጎትተው ሁሉንም ይደውላሉ። ከላይ ያለውስ? ማን ነው ብሎ ይጠይቃል? ምን ቆርጦት! የልብስ ስፌት መኪናውን ትቶ፣ ድስቱን ትቶ ይሮጥና ተጭኖ ይመለሳል። ሲጠየቅ ግን እያንዳንዱ በእናቱ ይምላል፤ እኔ ሳልጠይቅ ከፍቼ አላውቅም ይላል። በሩ ዝዝዝ አለ፤ እንደገና ዝዝዝ አለ። ልጁ ግን መግባቱን ተወው፤ ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾለከና ወደ ጎረቤት ሕንፃ አለፈ። በሩን አልነካውም።

ዶኛ ዴልፊና ተነሡ። መንገዱን ተሻገሩ። በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ለሚያየው ሰው ምንም የለውም። በሌባ ጣታቸው ገፋ አደረጉት።

ተከፈተ።

ዘግተው ገፉት፤ ዝግ ነው። ገባቸው። ከላይ ሲጫኑ በመቃኑ ውስጥ ያለው መያዣ የበሩን ምላስ ይለቃል፤ መጫኑ ሲቆም ደግሞ በሞላው ኃይል ተመልሶ መያዝ አለበት። ሞላው ደክሟል፤ ራሱን ችሎ አይመለስም። ሰው ገብቶ በሩ ድው ሲል በምቱ ይመለሳል። ማንም ሳይገባ ከቀረ ግን እንደተለቀቀ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ለመጣ ሁሉ ሜዳ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለው ይኸው ነው። የሞከሩት ሁሉ ደግሞ ዘግተው ነው የገፉት፤ ደውሎ መቅረትን ማን ይሞክራል?

ያን ቀን ጠዋት ኢሳቤሊኖ እህቱ ዘንድ ሄዶ የለም። ኢቱራልዴ ስልክ አያነሳም። ዶኛ ዴልፊና እስከ ስብሰባው ድረስ ከበሩ ፊት አልተነቃነቁም፤ ምሳቸውን እንኳ ባለ ኪዮስኩ ነው ያመጣላቸው።

ስብሰባው እንደ ወትሮው በመግቢያው አዳራሽ ነበር፤ እያንዳንዱ የቤቱን ወንበር ተሸክሞ ይወርዳል፤ የአንዱ ባለ ትራስ፣ የሌላው የባሕር ዳርቻ ወንበር። ፋብሪሲዮ መጣና ጃኬቱን እናቱ ቤት ጥሎ ወረደ፤ አጠገባቸው ተቀመጠ። ኢቱራልዴ የጣሪያውን ፍሳሽ አነበበ፤ የደረጃውን መብራት አነበበ፤ ከዚያ «የመንገዱ በር» አለና ቀና ሳይል ተመርምሮ ብልሽት አልተገኘም ብሎ ሊያልፍ ሆነ። ኢሳቤሊኖ ከግድግዳው ሥር ደረቱን ነፋ አደረገ።

ፋብሪሲዮ ብድግ አለ። እናቱ ሰሞኑን ደክማለች፤ በዚህ ነገር ሁላችሁንም አስቸግራለች፤ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በቅርቡም መፍትሔ ይደረጋል አለ። ሰው ሁሉ በአዘኔታ ወደ ዶኛ ዴልፊና ዞረ። የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ራሷን ነቀነቀች። አንዲት ሴት እንዲያውም ጉልበታቸውን መታ መታ አደረገቻቸው።

ዶኛ ዴልፊና ያን እጅ ቀስ ብለው ከጉልበታቸው ላይ አነሡት። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። ቢጮሁ እብድ ይባላሉ፤ ዝም ቢሉ ቤታቸው ይሄዳል። ሰማንያ አንድ ዓመት የኖሩት እንዲህ ሊታዘንላቸው አልነበረም።

«ፋብሪሲዮ» አሉ። «ወደ ላይ ውጣ። ወጥ ቤቴ ገብተህ የበሩን ስልክ ያዝ። ስደውል አንዴ ተጫንና ተወው።»

«እማዬ፣ አሁን እኮ…»

«ውጣ አልኩህ።»

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ወጣ። ዶኛ ዴልፊና ቁልፋቸውን ከቦርሳ አውጥተው ሰው ሁሉ እያየ ኢሳቤሊኖ መዳፍ ላይ አስቀመጡት፤ ክፈትልኝ አሉት። ከፈተላቸው፤ ወጡ፤ ራሱ በእጁ ዘጋው። ዶኛ ዴልፊና ከውጭ ቢገፉት ዝግ ነው። በመስታወቱ በኩል «አያችሁ?» በሚል ዓይን ወደ ውስጥ አዩ። ከዚያ ደወሉ።

«ማን ነው?» አለ ፋብሪሲዮ በድምፅ ማጉያው፤ ከልማድ።

«እናትህ ነኝ። ተጫን።»

በሩ ዝዝዝ አለና ጸጥ አለ። ዶኛ ዴልፊና አልነኩትም። ጀርባቸውን ሰጥተው ለባለ ኪዮስኩ እጃቸውን አወዛወዙ። ሻርፓቸውን አስተካከሉ። በውስጥ ያለው ሰው መጉረምረም ጀመረ፤ ኢቱራልዴ ሰዓቱን አየ። ኢሳቤሊኖ ዝግ መሆኑን በዓይኑ እያየ ነው፤ ምላሱ ገብቷል፤ ክፍተት የለም፤ በሩ በሩ ነው።

ዶኛ ዴልፊና ዞሩና በአንድ ጣታቸው ገፉት። ያ ሁለት ሰው የማያነሳው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። እሳቸውም አንገታቸውን ቀና አድርገው ገቡ፤ የኮሎን ቴአትር ደረጃ ላይ የሚራመዱ ነው የሚመስሉት።

«ደህና ዋላችሁ» አሉ። «ቁልፌ ኢሳቤሊኖ ዘንድ ነው።»

ቀድሞ የተነቃነቀው ኢሳቤሊኖ ነው። ወጣና ራሱ ደወለ፤ ከላይ ያለው ፋብሪሲዮ ምንም ሳይገባው ተጫነለት፤ ጠበቀና ገፋው። ተከፈተለት። እጀታውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ የወለወለው ነሐስ በእጁ ውስጥ ያበራል። ዶኛ ዴልፊና ሊናገሩት ያዘጋጁት ነበራቸው፤ ፊቱን ሲያዩት ተዉት።

ኢቱራልዴ ጉሮሮውን ጠረገና እርግጥ ነው ጉድለት አለ፣ ሰኞ ሰው ይላካል አለ።

«ሰኞ?» አሉ ዶኛ ዴልፊና። «ሌባው ሰኞ ነው የምመጣው ብሎ ነግሮዎታል? ዛሬ ይሠራል። እስኪሠራ ድረስ የደወሉ መክፈቻ ይቋረጥ፤ እንግዳ ያለው ወርዶ በቁልፍ ይክፈት። ሲሠራም ማን ነው ሳይል የሚጫን ሰው እዚህ ውስጥ እንዳይኖር።» ዓይናቸውን በተርታ አስኬዱት፤ ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬት አየች። ሌሎቹም አዩ።

ያኔ ኢሳቤሊኖ ተናገረ። በሰው ፊት መናገር የሚወድ ሰው አይደለም። ኮፍያውን አውልቆ መሃል አዳራሽ ቆመ። «ዶኛ ዴልፊና ያዩት ሰውዬ ገብቷል» አለ። «በዚህ ገብቷል። እኔ ስቄባቸዋለሁ። ሕንፃው ሁሉ ከጠበቀው በላይ እሳቸው ጠብቀውታል፤ ከእኔም በላይ። ዛሬ ካልተሠራ እኔ ከዚህ በር አልነቃነቅም፤ አልጋዬን እዚህ አመጣለሁ።» ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ የባሕር ዳርቻ ወንበር ያለው ጎረቤት ተነሥቶ ወንበሩን ለዶኛ ዴልፊና አቀረበ። እሳቸው በቆሙበት ቀሩ።

ኢቱራልዴ እዚያው ደወለ። የቅዳሜው አስቸኳይ ቁልፍ ሠሪ ሲመጣ አመሻሽ ላይ ነበር፤ ሌላ ሰው ነው፤ ከዶኛ ዴልፊና አፍ ሰምቶ ሳይከራከር መያዣውን ከመቃኑ ፈታ። ሞላው እንደ ላላ የጫማ ማሰሪያ ወጣ። አዲስ ገጠመ። ከዚያ ኢሳቤሊኖ ደወለ፣ ጠበቀ፣ ገፋ፤ ዝግ። ደግሞ ደወለ፣ ጠበቀ፣ ገጨ፤ ዝግ። ዶኛ ዴልፊና እስኪጠግቡ ድረስ ሲያስደውሉት ቆዩ።

ፋብሪሲዮ ወርዶ ጥገናውን ሁሉ ከደረጃው ሥር ሆኖ አየ። ሰው ሲበተን ወደ እናቱ ቀረበ። ብዙ ሊል ፈልጎ ነበር፤ የወጣለት ግን «አላመንኩሽም» የሚል ብቻ ነው። ዶኛ ዴልፊና ጉንጩን በዚያ ዶሮ በነጨ ሸካራ እጃቸው ነካ አደረጉትና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ቁልፌን» አሉ።

«የቤትሽን ቁልፍ? እማዬ፣ የሆነ ነገር ብትሆኚ…»

«የሆነ ነገር ብሆን ኢሳቤሊኖ ዘንድ አንድ አስቀምጣለሁ። አንተ ስትመጣ ትደውላለህ፤ እኔ ወርጄ እከፍትልሃለሁ። እንደ ሰው ሁሉ።»

«ሦስት ፎቅ ልትወርጂ? ለእኔ?»

«ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ ዶኛ ዴልፊና። «የምኖረው እዚያ ነው።»

ፋብሪሲዮ የመንገዱንም የቤቱንም ቁልፍ ከቀለበቱ አላቅቆ መዳፋቸው ላይ አኖረ። ግንባራቸውን ስሞ፣ ኢሳቤሊኖ ከፍቶለት ወጣ፤ በሩ ከኋላው ድው አለ። እሳቸውም የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ወደ ላይ ጀመሩ።

ጥቂት ቆይቶ ደወሉ ጮኸ። ዶኛ ዴልፊና ገና ቤታቸው መግባታቸው ነበር፤ የበሩን ስልክ አነሡና ማን ነው አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ ፋብሪሲዮ። «ጃኬቴን ረሳሁ።»

እሳቸውም አልተጫኑም። ፋብሪሲዮ በመስታወቱ በኩል አዳራሹን እያየ ቆመ። ቆየ። ኢሳቤሊኖ ከውስጥ አይቶት ቁልፉን ሊያወጣ ሲል፣ ፋብሪሲዮ በእጁ ተው ብሎ አመለከተው። ከብዙ ጥበቃ በኋላ እናቱ ከደረጃው ጥግ ብቅ አለች፤ አንድ እጇ ድጋፉ ላይ ነው፤ ጃኬቱ በክንዷ ላይ ተጣጥፏል፤ አንገቷ ቀና ብሏል። አንድ ደረጃ ትወርዳለች፤ ትንሽ ታርፋለች፤ ሌላ ትወርዳለች። ፋብሪሲዮ አላጣደፋትም። መንገድ ላይ እንደቆመ ኮሌታውን አስተካከለ፤ እንግዳ ሆኖ ጠበቃት።